ቶፍልን ቤት ተቀምጦ መፈተን፦ ተቆጣጣሪው የሚያየውና የማያየው

ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክት ሰው የእንግሊዝኛ ችሎታውን ከሚያሳይባቸው ፈተናዎች አንዱ ቶፍል ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢ.ቲ.ኤስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ኮቪድ-19 የፈተና ጣቢያዎችን ባዘጋበት በ2020 እ.ኤ.አ. ተፈታኞች በየቤታቸው ሆነው እንዲፈተኑ ፈቀደ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም አሠራሩ አልቀረም። የፈተናው ይዘትም ሆነ የውጤት አሰጣጡ ጣቢያ ሄዶ ከሚፈተነው ሰው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ጣቢያው ያቀርብ የነበረውን ጸጥ ያለ ክፍል፣ ኮምፒውተር፣ መብራትና ኢንተርኔት አሁን ተፈታኙ ራሱ ማቅረቡ ላይ ነው። ይህን ሳያሟላ የቀረበ ሰው እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አንድም ጥያቄ ሳያይ ሊሰናበት ይችላል፤ በዶላር የከፈለው ገንዘብም ላይመለስለት ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ ውጤቱን የሚቀበለው ወገን ቤት ውስጥ የተወሰደ ፈተና ይቀበላል ወይ? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበላሉ። የአውስትራሊያ መንግሥት ግን ለቪዛ ጉዳይ ቤት ውስጥ የተወሰደ የእንግሊዝኛ ፈተና አይቀበልም። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው የበቃ ውጤት ለኤምባሲው ላይበቃ ይችላል። ይህ ሳይጣራ ገንዘቡ መከፈል የለበትም።

አሁን ወደ ሕጎቹ እንግባ። በፈተና ጣቢያ ተቆጣጣሪው በወንበሮች መካከል ይመላለሳል፤ ከኋላ ያያል፣ ጠረጴዛ ሥር ያያል፣ ሹክሹክታ ይሰማል። ቤት ውስጥ ግን ያለው ዐይን ላፕቶፑ አናት ላይ ያለችው ሽንብራ የምታክል ካሜራ ብቻ ናት። ይህች ካሜራ ከፊቷ ያለውን እንጂ ከጀርባዋ ያለውን አታይም። ራሱን ላፕቶፑን አታይም፤ ጠረጴዛው ሥር ያለውን አታይም፤ በጸጉር የተሸፈነ ጆሮ ውስጥ ያለውንም አታይም። የኢ.ቲ.ኤስ ዝርዝር ሲነበብ የጥቃቅን ክልከላዎች ክምር ይመስላል፤ እኔ ግን ሰው ክፍሉን ሲያዘጋጅ እያንዳንዱን ክልከላ ካሜራዋ ከማታየው አንድ ቦታ ጋር አያይዞ ቢያስበው እወዳለሁ። ያን ጊዜ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈውንም ነገር ይህ ያስጠይቀኛል፣ ያኛው አያስጠይቀኝም ብሎ በራሱ መለየት ይችላል።

ስምና ሰዓት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ክፍሉን ከማጽዳት ሳይሆን ከምዝገባው ነው። በእኛ አገር ሰዎች ዘንድ ችግር የሚፈጠረውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የመመዝገቢያው ቅጽ ስምንና የቤተሰብ ስምን ለየብቻ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ለምሳሌ ሰላማዊት ታደሰ በቀለ የምትባል አመልካች ብትኖር፣ በቤተሰብ ስም ቦታ ታደሰን ትጻፍ ወይስ በቀለን? ትምህርት ቤት የምትታወቀው ሰላማዊት ታደሰ ተብላ ነውና እጇ የሚሄደው ወደ ታደሰ ነው። በፈተናው ቀን ተቆጣጣሪው የሚያመሳክረው ግን ምዝገባውን ከመታወቂያዋ ጋር ነው። መልሱ ያለው ፓስፖርቱ ላይ ነው፤ ለማያሻማ ማረጋገጫ ደግሞ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነበውን መስመር ማየት ይበቃል፤

```
P<ETHBEKELE<<SELAMAWIT<TADESSE<<<<<<<<<<<<<<
```

ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ፣ ከሁለቱ ተከታታይ ምልክቶች በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ተደርጎ የተመዘገበው ነው። ከእነሱ በኋላ ያሉት ደግሞ የተሰጡ ስሞች ናቸው። እዚህ ምሳሌ ላይ የቤተሰብ ስሟ የአያቷ ስም፣ በቀለ ነው፤ የተሰጡ ስሞቿ ደግሞ ሰላማዊትና ታደሰ ናቸው። ምዝገባውም እንደዚያው መሆን አለበት። የፊደል አጻጻፉም እንዲሁ። ታደሰ በአንድ S ወይም በሁለት S ሊጻፍ ይችላል፤ ዲፕሎማው ላይ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላው ተጽፎ ይገኛል። ለፈተናው የሚቆጠረው ለመታወቂያነት የሚቀርበው ሰነድ ላይ ያለው ነው። ስህተት ካለ የፈተናው ዕለት ለተቆጣጣሪው ማስረዳት አያዋጣም፤ አስቀድሞ ለኢ.ቲ.ኤስ ጽፎ ማስተካከል ያስፈልጋል። የልደት ቀንም እንዲሁ ከፓስፖርቱ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር ይገለበጣል።

መታወቂያው በመንግሥት የተሰጠ፣ ዋናው፣ ቀኑ ያላለፈበት፣ ሙሉ ስም፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ አይሠራም። ለኢትዮጵያዊ ተፈታኝ ከችግር የሚያድነው ፓስፖርት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ሌላ አገር ያለ ተቆጣጣሪ ሊያነበው አይችልም። ከአገሩ ውጭ የሚኖር፣ ለምሳሌ ዱባይ ወይም ቤይሩት ሆኖ የሚፈተን ዜጋ ደግሞ የግድ ፓስፖርቱን ማቅረብ አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃውም። ፓስፖርት ማደስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ቀኑ የተቃረበ ሰው ፈተናውን ከመመዝገቡ በፊት ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

ብዙ ሰው በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለው ክፍያውን በሌላ ሰው በኩል ያስፈጽማል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ሆኖም ከፋዩ ሰው አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ከፍቶ፣ ስሙን በሰማው መጠን ጽፎ ሲያስረክብ ተፈታኙ ስህተቱን የሚያውቀው በፈተናው ሰዓት ነው። አካውንቱ በተፈታኙ ኢሜይልና የይለፍ ቃል መከፈት አለበት። ሌላው ሰው የሚያግዘው ክፍያው ላይ ብቻ ይሁን።

ከዚያ የሰዓቱ ነገር አለ። ፈተናው በሌሊትም ስለሚሰጥ በቀጠሮ ገጹ ላይ የሌሊት ሰዓቶች ከቀኑ ሰዓቶች ጋር ተደርድረው ይታያሉ። ሰላማዊት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመፈተን ፈልጋ 3:00 AM የሚለውን ብትነካ፣ የያዘችው ቀጠሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እሷ የፈለገችው 9:00 AM የሚለው ነበር። ይህን ስህተት የሚሠራው እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው አይደለም፤ በሐሳቡ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብሎ የወሰነ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። በተጨማሪም የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ መሆኑ መታየት አለበት። አሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል የተመዘገበ ሰው ቀጠሮው በዚያ አገር ሰዓት ተይዞ ሊያገኘው ይችላል።

ክፍሉ

ሕጉ የሚጠይቀው በር ያለው፣ ተፈታኙ ብቻውን የሚሆንበት፣ ማንም የማይገባበት ክፍል ነው። ኢንተርኔት ካፌ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌና መሰል የሕዝብ ቦታዎች አይፈቀዱም። የቢሮ ክፍል ወይም የዘመድ ቤት ይቻላል፤ የራስ ቤት መሆኑ ግድ አይደለም። የአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ሰውም ቢሆን ቤተሰቡ ለዚያ ሰዓት ውጭ ከቆየለትና በሩ ከተዘጋ መፈተን ይችላል። ክፍሉ ውስጥ አልጋ መኖሩም አይከለከልም። የሚከለከለው አልጋ ላይ ወይም ሶፋ ላይ ተቀምጦ መፈተን ነው። ተራ ወንበርና ኮምፒውተሩ የሚያርፍበት ጠረጴዛ የግድ ናቸው፤ ላፕቶፕን ጭን ላይ አድርጎ መፈተን የለም።

ወንበሩ የት ይቀመጥ? በሩ ለተቆጣጣሪው መታየት አለበት። ላፕቶፕ ላይ ያለው ካሜራ የሚያየው ተፈታኙንና ከጀርባው ያለውን ስለሆነ፣ ሰውየው ጀርባውን ወይም ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ብዙ ቤት ጠረጴዛው የሚቀመጠው በተቃራኒው ስለሆነ ቀድሞ ማዞር ያስፈልጋል። ሲዞር ደግሞ መስኮቱ ከጀርባ እንዳይመጣ ያስፈልጋል። መስኮት ከጀርባ ከሆነ ካሜራዋ ከብርሃኑ ጋር ትታገልና የተፈታኙ ፊት ይጠቁራል፤ ፊቱ ካልታየ ደግሞ ከፓስፖርቱ ፎቶ ጋር ማመሳከር አይቻልም። ሁለቱን ማስታረቅ የማይቻልበት ክፍል ካለ መጋረጃውን ዘግቶ ከፊት ለፊት መብራት ማብራት ይሻላል።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ኮምፒውተሩ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ መታወቂያውና አሁን የምንነግራችሁ የማስታወሻ ሰሌዳ ብቻ ነው። ውሃም ቡናም አይፈቀድም። ፈተናው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድና የታቀደ ዕረፍት ስለሌለው፣ ውሃ ቀድሞ መጠጣትና መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል።

ማስታወሻ መያዝ ይፈቀዳል፤ ተራ ወረቀትና እስክሪብቶ ግን አይፈቀድም። የሚፈቀደው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ከሚጠፋ ማርከር ጋር፣ ወይም አንድ ነጭ ወረቀት የገባበት ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ መያዣ ነው፤ ሰነድ የምናስገባበት ዓይነት። በፕላስቲኩ ላይ በማርከር ይጻፋል፣ በጨርቅ ይጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በወረቀት የተጻፈ የፈተና ጥያቄ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነገ ሊሸጥ ይችላል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ግን ተቆጣጣሪው እያየ ይጠፋል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ማርከሩ የሚጠፋው ዓይነት መሆኑን ቤት ወስዶ መሞከር ያሻል፤ ቋሚው ማርከር በመልኩ ተመሳሳይ ነውና።

ኢርፎንና ሄድፎን ፈጽሞ አይፈቀዱም። ይህ የሚያስገርመው ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ጣቢያ የሄደ ሰው ሄድፎን አጥልቆ ነው የሚፈተነው። ቤት ውስጥ ግን ተቆጣጣሪው ከሄድፎኑ ውስጥ ምን እንደሚወጣ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ድምፁ በኮምፒውተሩ ስፒከር ወይም በውጭ ስፒከር ይወጣል፤ ማይክሮፎኑም ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ወይም ለብቻው የሚሰካ እንጂ ከሄድፎን ጋር የተያያዘው መሆን የለበትም። የዚህ ሕግ ትልቁ ጫና የሚወድቀው ማዳመጡ ላይ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ስፒከሩ ደካማ ከሆነና ጎረቤት ሙዚቃ ከከፈተ የሚነበበው ንግግር ይጠፋል። ስፒከሩን አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ንግግር ሞክሮ፣ ካልበቃ በሽቦ የሚሰካ ትንሽ ስፒከር መፈለግ ያዋጣል።

ጆሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታየት አለበት። ጸጉር ወደ ኋላ ይያዛል፣ ኮፍያ ይወልቃል፣ የፊት ማስክም አይደረግም። ያጌጠ የጸጉር ማስያዣ፣ የጸጉር ባንድና የመሳሰሉትም ባይኖሩ ይመረጣል፤ ጥቃቅን መሣሪያ ሊደበቅባቸው ይችላልና። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሴት ፈተናው ሊደርስ ሲል ከምትከራከር፣ ቀኑን ከመያዟ በፊት ለኢ.ቲ.ኤስ ጽፋ ጉዳይዋ እንዴት እንደሚስተናገድ በጽሑፍ መልስ ብታገኝ ይሻላታል።

ኮምፒውተሩ፣ መብራቱ፣ መስመሩ

ፈተናው በታብሌት፣ በስልክ ወይም በክሮምቡክ አይሠራም። ዊንዶውስ ወይም ማክ ያለበት ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ያስፈልጋል፤ ስክሪኑም አንድ ብቻ። ኢ.ቲ.ኤስ የራሱን የፈተና ብራውዘር ያስጭናል፤ ይህ ብራውዘር ፈተናው ላይ ሌላ ፕሮግራም እንዳይከፈት ይዘጋል። ለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመሥሪያ ቤት የተዋሱት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ፕሮግራም እንዳይጫን ስለቆለፈው ብራውዘሩ አይገባም። እንደ TeamViewer እና AnyDesk ያሉ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያሠሩ ፕሮግራሞች መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ ቢነሡ ይመረጣል። በሌላ ሰው እጅ ፈተና እናሠራለን የሚሉ ነጋዴዎች የሚጠቀሙት እነዚህኑ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።

አገራችን ውስጥ የሚያሳስበው ግን መብራትና መስመር ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የሚሞተው የዋይፋይ ራውተሩ ነው። ሰው የላፕቶፑን ባትሪ ሞልቶ ተዘጋጅቻለሁ ሲል ይህን ይረሳል። ለራውተር የሚሆን አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ገበያ ላይ አለ። ስሙ ዩፒኤስ ሲሆን፣ ሲገዛ ቮልቱ በራውተሩ ቻርጀር ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

በስልክ ሆትስፖት መፈተን የሚያስብ ሰው ደግሞ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ ስልኩ ከተፈታኙ እጅ ርቆ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው፣ በብዙ ስልክ ላይ ጥሪ ሲገባ ዳታው ይቆማል ወይም ይደክማል፤ በዚያች ደቂቃ ካሜራው ይቋረጣል። ሲም የሚገባበት ራሱን የቻለ የዋይፋይ መሣሪያ ካለ እሱ ይሻላል፤ በኬብል ከራውተር መገናኘት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። መስመሩ ሲፈተሽ የሚታየው ቪዲዮ የሚወርድበት ፍጥነት ብቻ መሆን የለበትም። ተፈታኙ በሙሉ ሰዓቱ የራሱን ምስል፣ ድምፅና ስክሪን ወደ ውጭ እየላከ ስለሆነ፣ ወደ ላይ የሚሄደው ፍጥነት ደካማ ከሆነ ዩቲዩብ ያለ ችግር በሚታይበት ቤት ፈተናው ይቆራረጣል። ሙከራውም የሚደረገው ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓትና በዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ማታ መስመሩ ሲጨናነቅና ጠዋት ገና ሰው ሳይገባበት አንድ አይደለም።

የመግቢያው ፍተሻ

ሰዓቱ ሲደርስ ሰላማዊት በአካውንቷ ትገባለች፤ ተቆጣጣሪውም በድምፅ ወይም በጽሑፍ ያነጋግራታል። ተቆጣጣሪው ሰው ነው፤ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ አነጋገሩም ከፈተናው ቀረጻ የተለየ ሊሆን ይችላል። ያልገባትን ድገምልኝ ብትል ምንም አይቀነስባትም፤ ይህ የፈተናው ክፍል አይደለም።

መጀመሪያ ፓስፖርቷን ታሳያለች፤ ፎቶም ትነሣለች። አብዛኛው የላፕቶፕ ካሜራ የትኩረት ርቀቱ ቋሚ ስለሆነ ፓስፖርቱን ካሜራው ላይ መለጠፍ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል። ከካሜራው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጣት ስሙን ሳይሸፍን ሲያዝ ይነበባል። የፎቶው ገጽ የሚያንጸባርቅ ስለሆነ አምፖሉ ከበላዩ ሲያርፍ ነጭ ነጥብ ይሠራል፤ ገጹን ትንሽ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። በራሷ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ግራ ቀኝ ተገልብጦ ብታየው አያሳስባት፤ ለተቆጣጣሪው የሚደርሰው በትክክለኛው አቅጣጫ ነው።

ከዚያ ክፍሉን ማሳየት ይመጣል። ላፕቶፑን አንሥታ ቀስ ብላ ሙሉ ዙር ትዞራለች፤ አራቱም ግድግዳ፣ በሩ፣ የጠረጴዛው ገጽ፣ የጠረጴዛው ሥር ይታያሉ። ላፕቶፑ ላይ የተሰካ የቻርጀር ሽቦ አጭር ከሆነ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ደግሞ የካሜራው ኬብል ለመዞር የሚበቃ መሆኑን ቀድሞ ማየት አለበት። ካሜራዋን ቶሎ ያዞረ ሰው ምስሉ ስለሚደበዝዝ እንደገና ይጠየቃል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ፣ ቴሌቪዥንና ሌላ ስክሪን ጥያቄ ያስነሣሉ። ቀድሞ ማንሣት፣ ቴሌቪዥኑንም ከሶኬት ነቅሎ በጨርቅ መሸፈን ደቂቃዎችን ያተርፋል።

አሁን ካሜራዋ ያላየችው አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ ራሱ ላፕቶፑ። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ቢኖር ከተፈታኟ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ የእጅ መስታወት ይጠየቃል። ሰላማዊት መስታወቱን ፊት ለፊቷ፣ ፊቱን ወደ ላፕቶፑ አድርጋ ትይዛለች፤ ካሜራዋም በመስታወቱ ውስጥ ስክሪኑን፣ ጠርዙንና ኪቦርዱን ታያለች። መስታወቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ከጥግ ወደ ጥግ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል፤ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ይበቃል። መስታወት የሌለው ሰው በስልኩ ካሜራ ስክሪኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ እጅ ወደማይደርስበት ቦታ ይሄዳል፤ ሲቀመጥም ተቆጣጣሪው ማየት ይፈልጋል። ለዚህ ብቻ ስል መስታወቱን እመርጣለሁ፤ ስልክ ከነጭራሹ ክፍሉ ውስጥ ባይኖር ነገሩ ቀላል ይሆናል።

በመጨረሻ ተቆጣጣሪው በተፈታኟ ፈቃድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ከሩቅ ይዞ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ይመለከታል። የማውሱ ቀስት በራሱ ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደነግጣል፤ የሚጠበቅ ነው።

ፈተናው ላይና ከዚያ በኋላ

ፈተናው ሲጀመር ካሜራውና ማይክሮፎኑ አይጠፉም። ተፈታኞችን የሚያስጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ የማጭበርበር ድርጊቶች ሳይሆኑ ልማዶች ናቸው። ሲያስብ ወደ ጎን የሚያይ ሰው አለ፤ ሲያነብ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ፣ በእጁ አፉን የሚሸፍን፣ ጆሮውን በመዳፉ የሚደግፍ አለ። በራሱ ምንም አይደለም፤ በካሜራ ለሚመለከት ግን ወደ ጎን ማየት ሌላ ወረቀት ማየት ይመስላል፣ የከንፈር እንቅስቃሴ ጥያቄውን ለሌላ ሰው ማንበብ ይመስላል። ቤት ውስጥ የሙከራ ፈተና ሲሠሩ ራስን በቪዲዮ ቀርጾ ማየት ይህን ያሳያል። በር ከፍቶ የገባ ሕፃን ደግሞ ፈተናውን ሊያስቆም ይችላል፤ ቤተሰቡ ያን ሰዓት ማወቅ ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ የሚቆም ሰው ቢኖር አይበዛም። የመንገድ ድምፅ ወይም ከሩቅ የሚሰማ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ አያሰኝም፤ ከግድግዳው ማዶ ጎልቶ የሚሰማ የሰው ንግግር ግን ሊያሰኝ ይችላል።

ሲያልቅ ሰላማዊት ሰሌዳዋን ወደ ካሜራው አሳይታ ማስታወሻዋን ታጠፋለች፣ ባዶውንም ታሳያለች። ከዚህ በፊት ተነሥታ ብትሄድ ወይም ብራውዘሩን ብትዘጋ ሰሌዳው ሳይጠፋ እንደቀረ ይቆጠርባታል። ቀረጻው ከዚህ በኋላም ስለሚመረመር ፈተናውን በሰላም የጨረሰ ሰው ውጤቱ ሊዘገይ፣ ሕግ ተጥሶ ከተገኘም ሊሰረዝ ይችላል።

መስመር በመሃል ከተቋረጠ መደናገጥ ሳያስፈልግ ብራውዘሩን እንደገና ከፍቶ መግባት ነው፤ ተቆጣጣሪው ካገኘው ፈተናው ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። ሲጠብቁ ከወንበሩ አለመነሣት፣ ስልክ አለመንካት፣ በሩን አለመክፈት ያስፈልጋል፤ ካሜራው ባልነበረበት ጊዜ የሆነውን ማንም ሊመሰክር አይችልምና። መመለስ ካልተቻለ መስመሩ የተቋረጠበትን ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ የታየውን መልእክት ቃል በቃልና የትኛው የፈተና ክፍል ላይ እንደነበረ ወዲያው ጽፎ ማስቀመጥ፣ በዚያው ቀንም ከምዝገባ ቁጥሩ ጋር ለኢ.ቲ.ኤስ መላክ ይገባል። እዚያ ያለው ሠራተኛ የተላከለትን ሰዓት ከቀረጻው ጋር ስለሚያመሳክር፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በቀጠሮው ላይ እንደነበረው ይጻፍ።